ኔትወርክ ሲጠፋ የማይቆም ሞጁል እንሥራ

በደሴና በኮምቦልቻ የምትገኙ የነርሲንግ መምህራን፣ በየወርዱ ተማሪ የምትቀበሉ ሲስተሮችና ብራዘሮች፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ እናንተም ተማሪዎች፤ ይህ ጥሪ ለሁላችሁም ነው። የምንጠይቃችሁ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። መጪው ሴሚስተር ከመግባቱ በፊት አንድ ሞጁል በጋራ ሠርተን እንጨርስ፤ ከፊሉ በክፍልና በስኪል ላብ፣ ከፊሉ ተማሪው ባለበት የሚሰጥ፣ ኢንተርኔት ሲኖር የሚፋጠን፣ ሳይኖር ግን የማይቆም ሞጁል።

እንዲህ ያለ ሞጁል ለምን እንደሚያስፈልግ ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ሁሉ ወደ ቀዬው ሲሸኝ፣ ትምህርቱ በኢንተርኔት ይከተለዋል የሚለው ሐሳብ ኔትወርክ የማይደርስበት ቀበሌ ጋ ሲደርስ ቆመ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ የደሴ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና ለብዙ ወራት እንደተዘጋ ቆየ። ዛሬም መስመሩ ሲከፈት ሲዘጋ፣ መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ነው የምንማረውና የምናስተምረው። ስለዚህ ሞጁሉን የምንነድፈው መስመር ከሌለበት ቀን ተነሥተን መሆን አለበት። በዚያ ቀን የሚሠራ ከሆነ በሌላውም ቀን ይሠራል።

አሁን በብዙ ቦታ የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። መምህሩ የክፍል ስላይዱን ይጭናል፣ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ይቀርጻል፣ «ቴሌግራም ላይ አለላችሁ» ይላል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ የሚወስድ ቪዲዮ እንኳ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይሆናል። ከቤቱ ተቆጥሮ የሚላክለትን ብር ለካርድ የሚያወጣ ተማሪ ይህን አያወርደውም። ቢያወርደውም ደግሞ ስለ ካኑላ አያያዝ የተወራለትን ሰማ እንጂ እጁ ምንም አልተማረም። ነርሲንግን ከፍሎ ማስተማር የሚቻለው የሚነበበውንና የሚሰላውን ወደ ተማሪው ስንልክ፣ በእጅ የሚሠራውን ደግሞ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት ለሚገናኙበት ሰዓት ስንቆጥብ ነው። ኢንተርኔት በመካከል የሚቀርለት ሥራ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ፊደላት፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ውጤት ማመላለስ። ይህን የሚያህለውን ደካማ መስመርም ይችለዋል።

በዚህ መንገድ ሠርተን እናውቃለን። ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ ከአምሬፍና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች 13 ሞጁሎች አዘጋጅቶ ነበር። ትምህርቱ የታተመ ጽሑፍን ከተግባር ልምምድ ጋር ያጣመረ ነበር። የተጻፈውም ብቻውን ለሚያነብ ሰው ነው፤ በየመካከሉ «እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ» የሚል ጥያቄ አለው፣ መልሱም ወዲያው ይከተላል። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2005 ነርሶቿን ከሥራ ገበታቸው ሳትነቅል የምታሳድግበት መርሐ ግብር ከአምሬፍ ጋር ጀምራለች። እኛ የምንጨምረው ስልኩንና ሜሞሪ ካርዱን ነው።

የመጀመሪያው ሞጁል የቱ ይሁን? የእኛ ምርጫ ቁርጥ ያለ ነው፤ በተቅማጥ ምክንያት ከባድ የፈሳሽ ማነስ ለደረሰበት ሕፃን በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት። ተማሪዎቻችን ለአታችመንት በሚወጡባቸው ጤና ጣቢያዎች ይህ ሕፃን እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ መምጣቱ አይቀርም። ትምህርቱም ሊነበብ የሚገባ ምልክት፣ ሊሰላ የሚገባ ቁጥርና በእጅ ሊደረግ የሚገባ ሥራ ሦስቱንም ይዟል። ከፋፍሎ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መለማመጃ የለም።

ሞጁሉ የሚጀምረው ከአንዲት ሕፃን ታሪክ ነው። ዕድሜዋ 6 ወር፣ ክብደቷ 6 ኪሎ። ፈዛለች፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ የሆዷ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። ከባድ የፈሳሽ ማነስ ነው ለማለት ከአራቱ ምልክቶች ሁለቱ ይበቃሉ፤ አራተኛው መጠጣት አለመቻል ወይም በደከመ ሁኔታ መጠጣት ነው። ተማሪው ከዚህ ወደ ስሌቱ ከመሄዱ በፊት ግን አንድ በር ያጋጥመዋል፤ ሕፃኗ ከባድ የምግብ እጥረት አለባት ወይስ የለባትም? ካለባት ይህ የፈሳሽ አሰጣጥ ለእሷ አይደለም፤ በደም ሥር ፈሳሽ የሚሰጣት ሾክ ውስጥ ከገባች ብቻ ነው፣ እሱም በሌላ መጠንና በሌላ ጥንቃቄ። ይህን በር ሳያሳይ ወደ ቁጥር የሚሮጥ ሞጁል ተማሪውን ለአደጋ ያዘጋጃል።

የእኛዋ ሕፃን የምግብ እጥረት የለባትም እንበል። ለአንድ ኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት፣ እሱ ከሌለ ኖርማል ሳላይን ይሰጣታል። ከ12 ወር በታች ስለሆነች የመጀመሪያው 30 በ1 ሰዓት፣ ቀሪው 70 በ5 ሰዓት ይገባል። ለ6 ኪሎ ይህ ማለት በመጀመሪያው ሰዓት 180 ሚሊ ሊትር፣ በቀጣዩ 5 ሰዓት 420 ሚሊ ሊትር ነው። አሁን ተማሪው የአይቪ ሴቱን ማሸጊያ ማንበብ አለበት። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር የሚሞላ ሴት ከሆነ፣ 180 በ20 ተባዝቶ ለ60 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 60 ጠብታ ይሆናል። ሁለተኛው ምዕራፍ 420 በ20 ተባዝቶ ለ300 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ 28 ጠብታ ነው። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው የእጅ አንጓዋ የደም ምት በርትቶ እስኪገኝ ሕፃኗ እንደገና ትታያለች፤ መጠጣት ስትችልም ኦአርኤስ ይጀመርላታል።

ተማሪው የሚሳሳተው የት ላይ ነው? ብዙ ጊዜ ማባዛቱ ላይ አይደለም፤ ሴቱ ላይ ነው። ስቶር ውስጥ በዚያ ቀን የተገኘው 60 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር የሚሞላው ማይክሮ ሴት ሆኖ ተማሪው በቃሉ የያዘውን «60 ጠብታ» ቢያስኬድ፣ ሕፃኗ በሰዓት 180 ሳይሆን 60 ሚሊ ሊትር ብቻ ታገኛለች። ሲሶ ማለት ነው። ጠብታውን የሚቆጥር ሰው ስሕተቱን አያየውም፤ ቁጥሩ ልክ ነውና። የሚታየው ከረጢቱ ላይ ነው። በትክክል እየሄደ ከሆነ በ15 ደቂቃ 45 ሚሊ ሊትር መጉደል አለበት። ለዚህ ነው ልምድ ያላት ነርስ ከረጢቱ ጎን ላይ ፕላስተር ለጥፋ ፈሳሹ በስንት ሰዓት የት መድረስ እንዳለበት የምትጽፍበት። ይህ ፕላስተር በሞጁሉ ውስጥ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ሥዕልና የራሱ ልምምድ ይኑረው።

እንግዲህ ይህን እንዴት እናደርሳለን? ሦስት መንገድ ይኑረው፤ ወረቀት፣ ሜሞሪ ካርድና መስመር። ወረቀቱ ብቻውን ሙሉ ትምህርት መሆን አለበት፤ ከየክፍሉ ስማርት ስልክ የሌለው ወይም ስክሪኑ የተሰበረበት ተማሪ አይጠፋምና። ሃያ ገጽ ያህል፣ ጥቁርና ነጭ፣ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የማይጠፋ ወፍራም መስመር ያለው ሥዕል፣ ለሦስት ተማሪ አንድ ቅጂ ይሁን። ካርዱ ላይ ያው ጽሑፍ፣ ዐሥር ዐሥር ደቂቃ የሆኑ አራት የድምፅ ትምህርቶችና ከአራት ደቂቃ የማይበልጡ ሦስት ቪዲዮዎች ይኖራሉ። በሰከንድ 32 ኪሎቢት የተቀዳ የዐሥር ደቂቃ ድምፅ 2.4 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ የሰው ንግግርም በዚህ መጠን ጥርት ብሎ ይሰማል። ቪዲዮው ለድምፅ የሚበቃውን አይንካ፤ እጅ ሲሠራ መታየት ያለበትን ብቻ ያሳይ። የጠብታ ክፍሉን ጨምቆ እስከ ግማሽ መሙላት፣ አየሩን ከቱቦው ማስወጣት፣ ሮለሩን እየለቀቁ ከሰዓት ጋር መቁጠር።

የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ልጆች፣ እዚህ ላይ ነው የምንፈልጋችሁ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ በዚህ አንድ ትእዛዝ ለአራት ደቂቃ ወደ 8.5 ሜጋባይት ይወርዳል፤

```
ffmpeg -i drip.mp4 -vf scale=-2:360 -r 15 -c:v libx264 -b:v 250k -c:a aac -b:a 32k -ac 1 drip_s.mp4
```

ከጨረሳችሁ በኋላ ግን በትልቅ ስክሪን አትፈትሹት። ርካሽ ስልክ ላይ ክፈቱትና ጠብታው አንድ በአንድ ይቆጠር እንደሆነ እዩ። ካልተቆጠረ ካሜራው ቀርቦ፣ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ተደርጎ እንደገና ይቀረጽ። ጠቅላላው ጥቅል ከ50 ሜጋባይት እንዳያልፍ እንስማማ። ይህ መጠን ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር በአጭር ጊዜ ይተላለፋል፣ ሜሞሪው የሞላ ስልክም ቦታ አያጣለትም።

በየግቢው ደግሞ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይቀመጥ። ባትሪው አንድ ሰዓት እንኳ የሚይዝ ከሆነ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ድንገት ከሚጠፋና ካርዱ ከሚበላሽ ትንሽ ሰርቨር ይሻላል። በዋይፋይ ራውተር ተገናኝቶ ኮሊብሪ ወይም ሙድል ይጫንበታል፤ ተማሪው ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ካርድ ሂሳብ ከዚያ ያወርዳል። ራውተሩም በመብራት እንደሚሠራ አትርሱ፤ የራሱ ባትሪ ካልተገዛለት የላፕቶፑ ባትሪ ብቻውን ፋይዳ የለውም። ሙድል አፕን የምትጠቀሙ ከሆነ ፈተናው ከመስመር ውጪ እንዲሠራ የሚፈቅደውን ምርጫ መምህሩ ራሱ ማብራት አለበት፤ የጊዜ ገደብም አይደረግበት፣ የጥያቄው አሠራርም `Deferred feedback` ይሁን። ተማሪውም በጀመረበት ስልክ ላይ ይጨርስ፤ ሌላ መሣሪያ ላይ ከቀጠለው ያልተላከው መልሱ ሊጠፋ ይችላል።

መልሱን ለመሰብሰብ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀል መንገድ አለ። ዳታ ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ጥሪና አጭር መልእክት ይሠራሉ። የዐሥር ጥያቄ መልስ ጥቂት ፊደልና ቁጥር ነው፤ በአንድ ኤስኤምኤስ ይሄዳል። «ይኮራረጃሉ» የሚል መምህር ይኖራል፣ ልክም ነው። እንግዲያው ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሕፃን እንስጠው። የ6 ወሯ ሕፃን ክብደት 6 ኪሎ ሲደመር የተማሪው መታወቂያ የመጨረሻ አሃዝ በ0.3 ተባዝቶ ይሁን። መታወቂያው በ4 የሚያልቅ ተማሪ የ7.2 ኪሎ ሕፃን አለችው፤ መልሱ በመጀመሪያው ሰዓት በደቂቃ 72 ጠብታ፣ ከዚያ 34 ነው። መምህሩ ለማረም ሠንጠረዥ አያስፈልገውም፤ በ20 ጠብታው ሴት የመጀመሪያው ሰዓት መልስ ሁልጊዜ የክብደቱ ዐሥር እጥፍ ነው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ላይ ሕፃኗን የ14 ወር እናድርጋት፣ ክብደቷንም ለዕድሜዋ በሚመጥን መጠን ከፍ እናድርገው። ከ12 ወር ጀምሮ የመጀመሪያው 30 በግማሽ ሰዓት፣ ቀሪው 70 በ2 ሰዓት ተኩል ነው የሚገባው። ቀመሩን የሸመደደና ዕድሜዋን ያነበበ ተማሪ እዚህ ላይ ይለያያሉ።

በመኖሪያ ክፍል የሚሠራ ተግባርም አለ፤ ይህን በተለይ ተማሪዎች እንድትይዙት እንሻለን። መርፌው የወጣለት፣ ቀኑ ያለፈበት የአይቪ ሴት፣ ውሃ የተሞላ ባዶ ከረጢትና 5 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይበቃል። ከረጢቱን ሚስማር ላይ ስቀሉ፣ እያንጠባጠባችሁ ስሪንጁን ሙሉ፣ ቁጠሩ። በ100 ጠብታ ከሞላ ሴቱ ባለ 20 ነው፤ 300 ከፈጀ ማይክሮ ሴት ነው። ከዚያ ጓደኛችሁ በስልኩ ሰዓት ይያዝ፤ እናንተ በደቂቃ 60 አስኪዱ፣ ቀጥሎ 28። የቱቦውን ጫፍ ከፍ ወይም ከረጢቱን ዝቅ ስታደርጉ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚለወጥ እዩ። ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ወደ ስኪል ላብ የምትገቡት ይህን ጨርሳችሁ ከሆነ፣ መምህሩ የላቡን ሰዓት ስለ ቀመር በማውራት አያጠፋውም፤ ሁሉም ሰዓት ለካኑላ አያያዝ፣ ለሕፃን እጅ፣ ለእናት ማስረዳት ይሆናል። በቅልቅል ትምህርት የምናተርፈው ይህን ሰዓት ነው።

ሊፈጠር ከሚችለው ችግር ሁሉ በጣም የሚያሳስበን አንድ አለ። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ፋይል አይሞትም። መመሪያ ተለውጦ ወይም እኛው ተሳስተን አንድ መጠን ብናርም፣ አሮጌው ቅጂ ከስልክ ስልክ እየዞረ ከሁለት ዓመት በኋላም አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ የፋይሉ ስም ራሱ ቁጥሩን ይያዝ፣ `FLUID_v2.zip` እንደማለት። የወረቀቱ እያንዳንዱ ገጽ ግርጌም ቁጥሩና የወጣበት ወር ይኑረው። በየግቢውና በየሕፃናት ወርዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አሁን የሚሠራበት ቁጥር የትኛው እንደሆነ ይለጠፍ። አዲስ ቁጥር ሲወጣ ለክፍል ተጠሪዎች በኤስኤምኤስ ይነገር፣ ተጠሪው ደግሞ የክፍሉን ልጆች ስልክ ዞሮ ይይ። አድካሚ ነው። ካልተደረገ ግን የሠራነው ነገር ለሕፃናት የሚያሰጋ ይሆናል።

ይህ ሞጁል የማይችለውንም እንወቅ። ሕፃን እያለቀሰች፣ እናት እየተንቀጠቀጠች፣ የደም ሥር አልገኝ ሲል የሚፈለገውን እጅ ወረቀትም ስልክም አያስተምርም። ስለዚህ የማለፊያው ውሳኔ በኤስኤምኤስ በመጣው መልስ አይሰጥም። ተማሪው በስኪል ላብ አንዲት ነርስ ፊት ቆሞ ምልክቱን ይለያል፣ የማያውቀውን ሴት ማሸጊያ አንብቦ ያሰላል፣ ያስኬዳል፣ ፕላስተሩን ይጽፋል። አንዱ ጣቢያ ላይ ሆን ተብሎ የተሳሳተ ሴት ይሰቀልና ያስተውለው እንደሆነ ይታያል። ይህን ያላለፈ ወደ ወርድ አይሂድ፤ ተመልሶ ይለማመድ።

አሁን ሥራውን እንከፋፈል። የወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የነርሲንግ መምህራን፣ ሁለታችሁም ለየብቻ ተመሳሳይ ማስታወሻ ከምትጽፉ አንዱን ጽሑፍ አብራችሁ ጻፉት፤ በቅርብ ጊዜው አገር አቀፍ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ እያመሳከራችሁ። በደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በቦሩ ሜዳና በኮምቦልቻ ሆስፒታሎች ሕፃናት ወርድ የምትሠሩ ነርሶች፣ ከእያንዳንዳችሁ የምንጠይቀው ረቂቁን አንብባችሁ «ይህ በእኛ ወርድ እንዲህ አይደለም» የምትሉበትን መስመር በቀይ እንድታሰምሩበት ነው። በእጃችሁ ያለው ሴት ባለ 20 ነው ወይስ ባለ 60? ማይክሮ ሴት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ሞጁሉ እውነተኛ የሚሆነው ከእናንተ መልስ ነው። የኮምቦልቻ ልጆች ቪዲዮውንና ላፕቶፑን ያዙ፤ በሐረጎ በኩል አንድ ሚኒባስ ወጥቶ ወርዶ ካርዱን ያደርሳል፣ ኔትወርክ መጠበቅ የለብንም። የፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ የከተማችን ሰዎች፣ ወረቀቱን በዋጋው ብታትሙልን ለሴሚስተሩ ይበቃናል። ውጭ አገር ያላችሁ የወሎ ተወላጆች፣ ብትልኩልን የምንመርጠው ባትሪው የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕና ሜሞሪ ካርድ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተን የምንጠብቀው እንደ መሞከሪያ አይደለም፤ እንደ ገምጋሚ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ሲደርሳችሁ ያልገባችሁን ገጽ ቁጥር፣ ያልተከፈተላችሁን ፋይል፣ ያልተሰማችሁን ድምፅ ጻፉልን። ከክፍሉ ሲሶው አንድ ጥያቄ ከሳተ የሚታረመው ገጹ ነው። በዚህ ሳምንት የክፍል ተጠሪዎች ሁለት ነገር ቆጥራችሁ ለመምህራችሁ ስጡ፤ ከክፍላችሁ ስንት ሰው ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ስልክ አለው፣ ስንቱስ ለአታችመንት የሚወጣበት ቦታ ጥሪና መልእክት ብቻ የሚሠራበት ነው። ስንት ቅጂ ወረቀት እንደምናትምና ስንት ካርድ እንደምንገዛ የምንወስነው ከዚያ ቁጥር ነው።